252 ዶላር ስጠብቅ 467 መጣ፤ ይህን ኢንቮይስ የሚያነብልኝ አለ?

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 3

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ የሆም ኬር ቢዝነስ አለችኝ። አረጋውያን ቤት እየሄዱ የሚንከባከቡ ሠራተኞች አሉኝ። የፈረቃ ፕሮግራም የምናወጣበት፣ እነሱም ሲገቡና ሲወጡ በስልካቸው የሚመዘግቡበት ሶፍትዌር እንጠቀማለን። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ጠብ አልፈልግም። ክፍያው በሰው ነው። አንድ ሲት በወር 24 ዶላር። እስከ ሜይ ድረስ 8 ሲትና 30 ዶላር የቴክስት ፓኬጅ ነበረን። በየወሩ 222 ዶላር ከካርዴ ይቆረጣል፣ አይቼ አልፋለሁ።

ጁን ላይ ሦስት ነገር ነካካሁ። ጁን 10 ማታ ሦስት አዲስ ሠራተኞች አስገባሁ። ጁን 16 ሪፖርት የሚያወጣውን አድኦን አበራሁ፤ 6 ዶላር ይላል። ጁን 21 ሁለት ልጆች ለቀቁ፣ አካውንታቸውን ዘጋሁ። ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ቀረኝ። ለዘጠኝ ሰው 216፣ ቴክስት 30፣ ሪፖርት 6። 252 ብዬ ተዘጋጀሁ። ጁላይ 1 ጠዋት ቡናዬን ይዤ ኢሜይል ስከፍት የመጣው ይኸው፦

```
Unused time on 8 x Seat after 11 Jun        -$128.00
Remaining time on 11 x Seat after 11 Jun     $176.00
Remaining time on 11 x Reports after 16 Jun   $33.00
11 x Seat (1 Jul - 1 Aug)                    $264.00
11 x Reports (1 Jul - 1 Aug)                  $66.00
1 x SMS 500 (1 Jul - 1 Aug)                   $30.00
650 x SMS overage (1 Jun - 1 Jul)             $26.00
Amount due                                   $467.00
```

እኔ እንደገባኝ 11 ሰው ሁለት ጊዜ አስከፍለውኛል። አንድ ቦታ 176፣ ሌላ ቦታ 264። ሁለቱ የለቀቁት ደግሞ እንዳሉ ናቸው። 6 ዶላሩስ እንዴት 66 ሆነ? የቴክስቱን ነገር ተዉት፣ ምን እንደሆነ እንኳን አላውቅም። እባካችሁ።

ቶሎ መላሽ · ጁላይ 3

ሌብነት ነው እህቴ! ባንክሽ ደውዪና ዲስፒዩት አድርጊ። እኔ አንዴ እንደዚህ አድርጌ ብሬን በአምስት ቀን መልሰውልኛል።

ሸገር ሱቅ · ጁላይ 3

እኛ አዲስ አበባ ያለነው ደግሞ ችግራችን ሌላ ነው። የሱቅ ሶፍትዌር በዶላር ነው የምከፍለው። 2024 ጁላይ መጨረሻ ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ ዋጋው ሳይጨምር በብር ስመታው ይጨምርብኛል። የአንቺም ምንዛሬው ይሆን?

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 3

አይ ወንድሜ፣ እኔ አሜሪካ ነኝ፣ በዶላር ነው የምከፍለው። ምንዛሬ የለበትም።

ደብተር ያዥ · ጁላይ 3

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለስድስት ትንንሽ ቢዝነሶች ሂሳብ እይዛለሁ። እንዲህ ያለ ኢንቮይስ በየወሩ ነው የሚመጣልኝ፤ የሚያስደነግጠውም ሁሌ ያው መስመር ነው። እስቲ እርሳስ ያዢ።

መጀመሪያ ዋጋውን ተዪውና ቀኖቹን ብቻ እዪ። የአንቺ ኢንቮይስ ሁለት አቅጣጫ ያያል። 1 Jul - 1 Aug የሚሉት ሦስት መስመሮች ወደፊት ያያሉ፤ ጁላይን ቅድሚያ እየከፈልሽ ነው። ሲደመሩ 360 ናቸው። የቀሩት አራቱ ወደኋላ፣ ወደ ጁን ያያሉ። እነሱ 107 ናቸው፣ አንድ ጊዜ ተከፍለው ያልቃሉ። ያስደነገጠሽ 176 እና 264 አንድ ወር አይደሉም። አንዱ የጁን ነው፣ አንዱ የጁላይ።

አሁን ወደ 176ቱ። እሱን ብቻውን አታንብቢው፣ ከላዩ ካለው ከቅናሹ 128 ጋር አንድ ላይ ነው የሚነበበው። ጁን 1 ላይ ለ8 ሲት 192 ዶላር ሙሉ ወር ከፍለሻል። ጁን 11 ላይ ቁጥሩ ሲቀየር ሲስተሙ ምን ያደርጋል? የድሮውን ቀሪ ሃያ ቀን ይመልስልሻል። 192ን በ30 አካፍለሽ በ20 ስታበዢው 128 ይመጣል፤ ቅናሹ እሱ ነው። ከዚያ ያንኑ ሃያ ቀን በ11 ሲት እንደ አዲስ ይሸጥልሻል። የ11 ሲት ወርኃዊ 264 ነው፣ የሃያ ቀኑ 176። ከ176 ላይ 128 ሲነሳ 48 ይቀራል።

አሁን በራስሽ መንገድ ሞክሪው። ሦስት አዲስ ሰው በ24 ዶላር 72 ነው። የወሩ ሁለት ሦስተኛ ቀርቷል፣ 48። ያው ነው። እዚህ ላይ ሁለቴ አልከፈልሽም።

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 3

እሺ ይሄ ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ለሦስት ሰው 48 ብለው በአንድ መስመር ለምን አይጽፉትም? ደግሞ እኔ ያስገባኋቸው ጁን 10 ነው፣ እነሱ 11 ብለዋል።

ደብተር ያዥ · ጁላይ 3

ለምን አይጽፉትም ላልሽው፣ ማሽኑ ሦስት ሰው ጨመረች ብሎ አያስብም። የድሮውን ሰርዞ አዲስ ይጀምራል። ለእሱ ቀላል ነው፣ ለእኛ አይደለም።

ጁን 10 ማታ ስንት ሰዓት ነበር?

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 3

ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ። 8፡40 ፒኤም፣ በሀበሻ ከምሽቱ 2፡40።

ደብተር ያዥ · ጁላይ 3

በቃ እሱ ነው። ብዙዎቹ ሲስተሞች የሚቆጥሩት በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በበጋ ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል። አንቺ ጋ 8፡40 ማታ ሲሆን እዚያ ከእኩለ ሌሊት 40 ደቂቃ አልፎ ጁን 11 ገብቷል። ያንቺ በአንድ ቀን ቀነሰልሽ እንጂ አልጨመረብሽም። ግን በወሩ የመጨረሻ ማታ ሲት የሚቀንስ ሰው በዚህች ጉዳይ አዲሱ ወር ላይ ይገባል። ደንበኛዬ ላይ ደርሷል።

ከዳላስ · ጁላይ 3

ታክስ የታለ? የእኔ ኢንቮይስ ላይ ሁሌ ታክስ አለ። ቴክሳስ እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር እንደ ዳታ ፕሮሰሲንግ ያየዋል፣ ከዋጋው 80 በመቶው ላይ ታክስ ይጣላል። የአንቺ ላይ ከሌለ በኋላ ድንገት ይመጣብሻል ብዬ ነው።

ደብተር ያዥ · ጁላይ 3

ወንድሜ እሷ ቨርጂንያ ናት። ቨርጂንያ በኢንተርኔት በሚሰጥ ሶፍትዌር ላይ የሽያጭ ታክስ አትጥልም። ኢንቮይሱ ላይ አለመኖሩ ልክ ነው።

ሒሳብ አዋቂ · ጁላይ 4

ደብተር ያዥ የዘለልከው ነገር አለ። በዚሁ ሒሳብ ከሄድን ጁን 21 ላይ ሁለት ሰው ስትቀንስ አሥር ቀን ይቀራታል። የ11 ሲት አሥር ቀን 88፣ የ9 ሲት አሥር ቀን 72። 16 ዶላር ሊመልሱላት ይገባ ነበር። ጁላይም በ9 መሆን ነበረበት። ኢንቮይሱ ላይ ግን አንድም መስመር የለም። ስለዚህ እህታችን ገንዘቧን ተበልታለች።

ደብተር ያዥ · ጁላይ 4

ሒሳብህ ልክ ነው። የተበላች መሆኗን ግን ገና አላየንም። እህቴ፣ ጁን 21 ላይ በትክክል ምን ነበር የተጫንሽው?

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 4

ሠራተኞች የሚለው ገጽ ላይ ገብቼ ስማቸው አጠገብ `Deactivate` የሚለውን። ስማቸው ግራጫ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መግባት አይችሉም፣ አንደኛዋ ደውላ ጠይቃኛለች።

ደብተር ያዥ · ጁላይ 4

ጠርጥሬ ነበር። ሰውየውን ማስወጣትና ወንበሩን መመለስ ሁለት ነገር ነው። አንቺ ሰዎቹን አስወጣሽ፣ ወንበሮቹ ግን ባዶአቸውን ተቀምጠው ኪራይ ይቆጥራሉ። አሁን `Billing` ውስጥ ግቢ። የተገዛው ሲት ስንት፣ የተያዘው ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ቦታ ይኖራል። 11 ከ9 ካለሽ ነገሩ እሱ ነው።

ሒሳብ አዋቂ ያልከው 16 ዶላር ደግሞ በውሉ ላይ ነው የሚወሰነው። ብዙ ኩባንያዎች ሲጨምሩ በዚያው ቀን ያስከፍላሉ፣ ሲቀነስ ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ነው ይላሉ። መውጫው ጠባብ፣ መግቢያው ሰፊ። አልወደውም፣ ግን ውላቸው ላይ ጽፈውታል።

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 4

አየሁት። `9 of 11 seats used` ይላል። አጠገቡ ቀንስ የሚል ነገር አለ፣ ስጫነው ለውጡ ከኦገስት 1 ጀምሮ ነው አለኝ። ጁላይ 1 ከመድረሱ በፊት ባደርገው ኖሮ ማለት ነው?

ደብተር ያዥ · ጁላይ 4

አዎ። እስከ ጁን 30፣ ዩቲሲውን ቆጥረሽ፣ ከምሽቱ 8 ፒኤም በፊት። አሁንም ቢሆን ዛሬውኑ ቀንሺው፣ ኦገስትን ታተርፊያለሽ። ለጁላይ ግን ሳፖርቱን ጠይቂ። ሰዎቹ ጁን 21 ላይ እንደወጡና ከዚያ በኋላ አንድም ቀን እንዳልገቡ ሲስተማቸው ራሱ ያሳያል። የሁለት ባዶ ወንበር የጁላይ ዋጋ፣ ሪፖርቱን ጨምሮ፣ 60 ዶላር ነው። የኢንቮይሱን ቁጥር ጽፈሽ 60 ዶላር ክሬዲት ስጡኝ በይ። ብዙ አስከፈላችሁኝ ብቻ ያለ ሰው ብዙ ይመላለሳል።

ቶሎ መላሽ ያለውን የዲስፒዩት ነገር ግን እባክሽ ተዪው። ብዙውን ጊዜ ካርድ ላይ ዲስፒዩት ሲከፈት አካውንቱን ያግዱታል። የሠራተኞችሽ የሰዓት መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው። ደሞዝ በምን ትሠሪያለሽ?

ቶሎ መላሽ · ጁላይ 4

እኔ የገዛሁት ጫማ ነበር፣ ልክ ነህ። ሌላ ሐሳብ ላምጣ፦ ለምን በአንድ አካውንት ሦስት ሠራተኛ አትጠቀሚም? እኛ ሬስቶራንቱ ላይ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ሲት ማን ይቆጥራል።

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 4

ሬስቶራንት ላይ ይቻል ይሆናል። እኛ ጋ ሜዲኬይድ የሚከፍልላቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ጉብኝቱ በኤሌክትሮኒክ መመዝገብ አለበት፣ የፌዴራል ሕግ ነው። አገልግሎቱን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ለማን፣ ምን ዓይነት አገልግሎት፣ በምን ቀን፣ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት። ሦስት ሰው በአንድ ስም ከገባ መዝገቡ ሐሰት ነው። 48 ዶላር አድናለሁ ብዬ ፈቃዴን ላጣ?

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 4

ደግሞ የሪፖርቱን 66 ማንም አልመለሰልኝም።

ሒሳብ አዋቂ · ጁላይ 4

6 ሲባዛ 11 ነዋ። አድኦኑም በሲት ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 4

ግን ሪፖርቱን የማየው እኔና ቢሮ የምታግዘኝ ልጅ ብቻ ነን! ተንከባካቢዎቹ ምን ያደርጉበታል?

ደብተር ያዥ · ጁላይ 4

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚያዘው። አድኦን ሦስት ዓይነት ነው የሚመጣው። የአንቺ ቴክስት ፓኬጅ ለቢዝነሱ አንድ ነው፤ ስንት ሰው ቢኖርሽ 30 ነው። ሌላው ለመረጥሽው ሰው ብቻ የሚበራ ነው። ሦስተኛው ልክ እንደ አንቺ ሪፖርት፣ አንዴ ካበራሽው ባሉት ሲቶች ሁሉ የሚባዛ። ዋጋው ገጽ ላይ 6 በትልቁ፣ በሲት የሚለው በትንሹ ይጻፋል።

የከፋው ነገር፣ ከዚህ በኋላ የአንድ ሰው ዋጋሽ 24 አይደለም፣ 30 ነው። አዲስ ሠራተኛ ባስገባሽ ቁጥር ሪፖርቱም አብሮ ይገባል። ባዶዎቹ ሁለት ወንበሮች እንኳን ሪፖርት ይከፍላሉ። ጁን ላይ ያየሽው 33 የግማሽ ወሩ ነው፤ ጁን 16 ላይ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር።

ለሁለት ሰው ብቻ አብሩልኝ ብለሽ ጠይቂያቸው። እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፣ እነዚህ ያድርጉ አያድርጉ አላውቅም።

የሰበካው ጸሐፊ · ጁላይ 5

ይቅርታ፣ ጥያቄው የቢዝነስ መሆኑን አይቻለሁ፣ እኔ የማውቀው የቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ ቴክስቱ ማንም ስላልተናገረ ነው። እህቴ፣ ለሠራተኞችሽ የምትልኪው መልእክት በአማርኛ ነው?

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 5

አዎ! ከጁን ጀምሮ። አንዳንዶቹ እንግሊዝኛው እያስቸገራቸው ፈረቃ ስለሚያሳልፉ ወደ አማርኛ ቀየርኩት። ግን የላክሁት 575 ነው፣ አሁን ቆጠርኩት። 500 በፓኬጁ አለ። 75 እንጂ 650 ከየት መጣ?

የሰበካው ጸሐፊ · ጁላይ 5

እንግዲያው እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ነው። ለምእመናን የቅዳሜ ማስታወቂያ በአማርኛ መላክ ስንጀምር ሂሳቡ እጥፍ ሆነብን። ገንዘብ ያዣችን አኩርፎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ቴክስት እስከ 160 ፊደል ይይዛል። አንድ የግእዝ ፊደል ከገባበት ግን ሙሉ መልእክቱ በሌላ ኮድ ነው የሚሄደው፣ የሚይዘውም 70 ብቻ ይሆናል። ከ70 ካለፈ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል፣ እንደ አንድ ቴክስትም ይቆጠራል። ስልኩ ላይ ገጥሞ ስለሚያሳየው አታውቂውም። ክፍተትም አራት ነጥብም ይቆጠራል። የሚስቀው ቢጫ ፊት እንኳን በእንግሊዝኛ መልእክት ውስጥ ቢገባ ያው ነው።

የአንቺ መልእክት ስንት ፊደል ነው?

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 5

ቆጠርኩት፣ መቶ አካባቢ። ሰላምታ አለው፣ የድርጅቱ ስም አለው፣ መጨረሻው ላይ እግዚአብሔር ይባርክሽ አለው።

ሒሳብ አዋቂ · ጁላይ 5

575 ሲባዛ 2፣ 1150። 500 ሲቀነስ 650። በ4 ሳንቲም 26 ዶላር። ልክ ቁጭ አለች።

የሰበካው ጸሐፊ · ጁላይ 5

ከ70 በታች አድርጊው። ለምሳሌ፦

ሰላም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ፈረቃ አለሽ። ካልቻልሽ ዛሬ ደውዪ።

ይህ 40 ነው። ምርቃቱን በአካል ስታገኚያቸው ስጪያቸው።

ከዳላስ · ጁላይ 5

3 ሰዓት ካልሽ ግማሹ 9 ኤኤም፣ ግማሹ 3 ፒኤም ነው የሚመጣው። እዚህ አገር ያደገች ልጅ ካለችሽ ሰዓቱን በፈረንጅ ጻፊው።

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 5

ደርሶብኛል 😂 ለካ ያ ሳቂ ፊትም ይቆጠራል።

ሒሳብ አዋቂ · ጁላይ 6

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ዓመታዊ ግቢበት። ብዙዎቹ ለዓመት ለሚከፍል ይቀንሳሉ፣ በየወሩ ከዚህ ራስ ምታት ትገላገያለሽ።

ደብተር ያዥ · ጁላይ 6

እኔ አልመክራትም። በዓመታዊ የሲቱ ቁጥር ለዓመት ይታሰራል። የእሷ ሠራተኛ በወር ሁለት ይወጣል፣ ሦስት ይገባል። ጁን ላይ 11 ብላ ብትፈርም ኖሮ ባዶ ወንበሮቹን እስከሚቀጥለው ጁን ትከፍላለች።

ሒሳብ አዋቂ · ጁላይ 6

መቼም ከስድስት ሰው በታች አትወርድም። ስድስቱን በዓመት ይዛ ሌላውን በወር ብትጨምርስ?

ደብተር ያዥ · ጁላይ 6

በአንድ አካውንት ሁለቱን የሚያቀላቅል አላጋጠመኝም። ካገኘህ ንገረኝ፣ እኔም ለደንበኞቼ እፈልገዋለሁ።

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ 9

ተመልሻለሁ። ደብተር ያዥ እንዳልከኝ የኢንቮይሱን ቁጥር፣ ጁን 21ን እና 60 ዶላርን ጽፌ ላክሁ። በሁለተኛው ቀን መለሱ። 60ውን ለአንድ ጊዜ ብቻ ብለው ሰጡኝ፤ ወደ ካርዴ ሳይሆን ለኦገስት ኢንቮይስ የሚቀነስ ክሬዲት ነው። የጁኑን 16 ዶላር አይሆንም አሉ፣ ውሉን ጠቀሱ። ሪፖርቱ ለሁለት ሰው ብቻ አይበራም። ስለዚህ ከኦገስት ጀምሮ እንዲጠፋ አደረግሁ።

የቀረችኝን ዘጠኝ ሰው ስም በስም ሳይ ደግሞ አንደኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? `Test User`። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ሶፍትዌሩን ያስገባልን ልጅ ለመሞከር የከፈታት። በወር 24 ዶላር እየከፈልኩላት አንድም ቀን ፈረቃ አልገባችም። አወጣኋት፣ ወንበሯንም መለስኩ። ኦገስት 8 ሲት ነው፣ 192 እና 30፣ ክሬዲቱ ሲቀነስ፣ ትርፍ ቴክስት ካልመጣብኝ፣ 162 መሆን አለበት።

ደብተር ያዥ · ጁላይ 9

18 ወር በ24፣ 432 ዶላር። የእሷን አይመልሱልሽም መሰለኝ፣ ግን መጠየቁ አይከፋም። ሪፖርቱ ከመጥፋቱ በፊት የጁንና የጁላዩን አውርደሽ አስቀምጪ። አንዳንዶቹ አድኦኑ ሲጠፋ የቆየውንም አያሳዩም።

ቶሎ መላሽ · ጁላይ 10

እኔም ገብቼ አየሁ። ሬስቶራንቱ ላይ 14 ሲት እየከፈልኩ ነው። አምስት ሰው ነን። ደብተር ያዥ፣ ስልክህን በውስጥ ትልክልኛለህ?